ለውሻ ስም ሲወጣ፦ ስለ ድምፅና ስለ ርዝመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ግቢ ጠባቂ ወይም የቤት ውሻ ካላቸው ሰዎች የሚነሡ ናቸው። መጨረሻ አካባቢ ስለ ድመት፣ ስለ በሬና ስለ ፈረስ ጥቂት ታክሏል።

ውሻ ስሙን ያውቃል ወይስ የምንጠራበትን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው?

ያውቃል፤ ነገር ግን እኛ ስማችንን በምናውቅበት መንገድ ላይሆን ይችላል። ለውሻ ስሙ «አሁን የሚመጣው ነገር አንተን ይመለከታል» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ውሾች በሌሎች ሰዎች ወሬ መካከል ስማቸውን መለየት ይችሉ እንደሆነ ፈትነዋል። ከበስተጀርባ የሚሰማው ወሬ ስሙ ከተጠራበት ድምፅ እኩል በሚጮህበት ጊዜ እንኳ ውሾቹ የራሳቸውን ስም ከሌላ ውሻ ስም ለይተዋል። ሬዲዮ በተከፈተበት፣ ልጆች በሚጫወቱበትና እንግዳ በሚያወራበት ግቢ ውስጥ ለሚኖር ውሻ ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። የእኛ ድርሻ ለመለየት የማያስቸግር ስም መስጠት ነው።

ስሙ ምን ያህል ይርዘም?

ሁለት ምት ይበቃል። ምት ያልኩት የሰዋስው መምህራን «ቀለም» የሚሉትን ነው፤ በአንድ አናባቢ ዙሪያ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን ድምፅ። «ቦቢ» ሁለት ምት አለው፣ «ሬክስ» አንድ፣ «ቆፍጣናው» ሦስት።

ምቱን በፊደል ብዛት አይቁጠሩ። በአማርኛ ሳድስ ፊደሎች ብዙ ጊዜ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣብቀው ስለሚነበቡ በጽሑፍ ሦስት ፊደል ያለው ስም በአፍ ሁለት ምት ብቻ ሊሆን ይችላል። «ዳኘው» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ሲጠራ ግን «ዳኝ-ኘው» ነው፣ ሁለት። ስሙን ጮክ ብለው እየጠሩ በየምቱ አንድ ጊዜ ቢያጨበጭቡ ልክ ያገኙታል።

ሁለት ምት የሚመረጥበት ምክንያት አለው። አንድ ምት ብቻ ያለው ስም ለውሻ ከምንሰጣቸው አጫጭር ትእዛዞች ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ በሩቅ ሲጠራም ውሻው ጆሮውን ከማቅናቱ በፊት ያልቃል። ሁለት ምት ሲሆን የመጀመሪያው ውሻውን ይቀሰቅሰዋል፣ ሁለተኛው ያረጋግጥለታል። አራትና አምስት ምት ያለው ስም ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው ስለሚሰለቹበት ሳይውል ሳያድር ይቆረጣል፤ ችግሩ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ መንገድ መቁረጡ ነው።

ምክሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ የውሻ ስም ሲጠራ ቶሎ እንዲሰማ ረጅም አይሁን፣ ከሁለት ምትም አይነስ ብሏል።

ስም ከትእዛዝ ጋር ይጋጫል ሲባል ምን ማለት ነው?

ስም ሲወጣ ሰው ብዙም የማያስብበትና በኋላ ግን ብዙ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ለውሻችን በየቀኑ የምንናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ና፣ ተው፣ ቁጭ በል፣ ተኛ፣ ቆይ፣ ሂድ፣ እንካ። ስሙ ከእነዚህ በአንዱ ድምፅ የሚጀምር ከሆነ ውሻው መጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ወይም ግራ ተጋብቶ ቆሞ ያይዎታል።

ለጠባቂ ውሻ «ተዋጊ» የሚል ስም ቢሰጥ ሌሊት በሩ ላይ ሲጮህ ሊያበረታቱት ስሙን ሲጠሩ በመጀመሪያ የሚሰማው «ተው» ነው። «ናኖ» የተባለ ቡችላ ስሙ በተጠራ ቁጥር እየሮጠ ይመጣል፤ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን «ናኖ፣ ቆይ» ሲባል ቀድሞ መጥቶ ይቆያል። «ቆንጆ» ደግሞ «ቆይ»ን ያስታውሳል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሃንጋሪ የኤትቬሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ሥራ በውሾች ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው የአንጎላቸውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መዝግበዋል። ውሾቹ የሚያውቁትን ቃል ከእርሱ ፈጽሞ ከሚርቅ ትርጉም የለሽ ቃል አንጎላቸው በፍጥነት ለይቶታል። አንድ ድምፅ ብቻ የተለወጠበትን ቃል ግን ከሚያውቁት ቃል አልለየውም። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት ይህ የግድ የጆሮ ድክመት አይደለም፤ ውሾች በንግግር ውስጥ ላለው እያንዳንዱ ድምፅ ትኩረት የመስጠት ዝንባሌ ላይኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ስሙ ከትእዛዞቹ በአንድ ድምፅ ሳይሆን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢለይ ይመረጣል።

በአማርኛ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ትእዛዞቻችን በጾታ ይለወጣሉ፦ ና እና ነይ፣ ተው እና ተይ፣ ቁጭ በል እና ቁጭ በይ። ሴት ውሻ ባለችበት ቤት አባት «ና» ሲላት፣ ልጅ «ነይ» ሲላት፣ ዘበኛው ደግሞ እንደ ስሜቱ ሲያቀያይር ለእርሷ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስሙን ከመወሰንዎ በፊት ቤተሰቡ በየትኛው አጠራር እንደሚጸና ይስማማ፤ ከዚያ የስሙን መነሻ ከዚያ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

የትኞቹ ድምፆች ለውሻ ጆሮ ይስማማሉ?

ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል። ስለዚህ በንግግራችን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ከፍተኛ ድምፆች አያመልጡትም። አሠልጣኞች ከልምድ የሚመርጡት በድንገት የሚፈነዳ መነሻ ያለውን ስም ነው፦ ክ፣ ት፣ ብ፣ ድ እና የእኛዎቹን ጠንካራ ድምፆች ጥ፣ ቅ፣ ጭ። እነዚህ ድምፆች ከጸጥታ ወደ ድምፅ በአንድ ጊዜ ስለሚሻገሩ ከወሬ መካከል ጎልተው ይወጣሉ። ም፣ ል፣ ው እና ይ ግን ቀስ ብለው የሚነሡ ስለሆኑ በመነሻነት ደከም ይላሉ፤ በስሙ መካከል ቢገቡ ምንም አይጎዱም።

መጨረሻው ክፍት አናባቢ ቢሆን ደግሞ ይጠቅማል። «ቦቢ»፣ «ዳማ»፣ «ጣሴ» የሚሉትን ስሞች ከሜዳ ማዶ ሲጠሩ መጨረሻቸውን መሳብ ይቻላል፤ «ሬክስ»ን ግን መሳብ አይቻልም፣ «ክስ» የሚለው በነፋስ ይጠፋል። ውሻው ከግቢ የማይወጣ ከሆነ ይህ ብዙም አያሳስብ። ከከብት ጋር የሚውል ከሆነ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ከዚህ በላይ ስለ ድምፅ መጨነቅ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። ድምፁ ያማረ ነገር ግን ሁሉም በየፊናው የሚጠራው ስም ከሚኖር፣ ድምፁ መካከለኛ የሆነና ሁሉም በአንድ አፍ የሚጠራው ይሻላል።

«ቡቺ» ብለን ብንጠራውስ?

አይመከርም። «ቡቺ» ሁለት ምት አለው፣ በሚፈነዳ ድምፅ ይጀምራል፣ በክፍት አናባቢ ያልቃል፤ በድምፁ እንከን የለበትም። ነገር ግን በሰፈሩ ያለ መንገደኛ ሁሉ የማያውቀውን ውሻ «ቡቺ» ይላል። ልጆች ከአጥር ውጭ ይጠሩታል፣ የሚመጣ እንግዳ በር ላይ ይጠራዋል፣ ሌባም ሊያባብለው ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው። ስሙን መቶ ጊዜ ሰምቶ ምንም የማይከተለው ውሻ ከጊዜ በኋላ መልስ መስጠት ያቆማል፤ ጠባቂ ከሆነ ደግሞ እንግዳ ሰው በስሙ እንዲጠራው ራሳችን ፈቀድን ማለት ነው።

የሰው ስም መስጠት ይቻላል?

በእኛ ዘንድ ጎረቤትን የሚያስቀይም ነገር ነው፤ በተለይ የክርስትና ስም ወይም በሰፈሩ የሚገኝ ሰው የሚጠራበት ስም ከሆነ ቂም ያመጣል። ከዚያም በላይ ስሙ በግቢው ውስጥ ለሌላ ሰው በተጠራ ቁጥር ውሻው ይነሣል፣ ቀጥሎም ለእርሱ የሚሆን ነገር እንደሌለ ይማራል። «ሚሚ» ወይም «ማሚ» የሚባል ሰው ባለበት ቤት እነዚህን ለውሻ መስጠት ሁለቱንም ማሳሳት ነው።

ሁለት ውሾች አሉን፣ አንዱን ስንጠራ ሁለቱም ይመጣሉ። ምን እናድርግ?

አንድ የማውቀውን ቤት ልንገራችሁ። ትልቁ ውሻ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ስሙ ሬክስ። ቆየት ብሎ ቡችላ መጣና ልጆቹ ማክስ አሉት። አንዱ ሲጠራ ሁለቱም ይሮጣሉ፤ አንዱ ሲቆጡት ሁለቱም ጭራቸውን ይሸጉጣሉ። ቤተሰቡ ቡችላው ደንቆሮ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ ነበር።

ስሞቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ችግሩ ይታያል። ሁለቱም አንድ ምት ናቸው፣ ሁለቱም በ«ክስ» ያልቃሉ። ልዩነታቸው መነሻው ብቻ ነው፤ እርሱም ከሩቅ ሲጠራ የሚደክም ድምፅ ነው። በዚያ ላይ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቤተሰቡ «ማነው?» ስለሚል ቡችላው ቀኑን ሙሉ የስሙን መነሻ በከንቱ ይሰማል።

የሚለወጠው የታናሹ ስም እንዲሆን ተወሰነ፤ ትልቁ በስሙ ስድስት ዓመት ኖሮበታልና። ቡችላው ቡናማ ስለሆነ «ዳማ» ተባለ። ከ«ሬክስ» በምት ብዛት፣ በመነሻ፣ በአናባቢና በመጨረሻ ይለያል፤ ከና፣ ከተው፣ ከቆይ ጋርም አይጋጭም።

ስም ሲለወጥ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አዲሱ ስም ይቀድማል፣ አሮጌው ይከተላል፦ «ዳማ»፣ አጭር ዕረፍት፣ «ማክስ»፣ ሲዞር ቁራሽ ምግብ። ውሻው አሮጌው ስም ሊከተል መሆኑን ከአዲሱ ስም ስለሚማር፣ ሳይቆይ በአዲሱ ብቻ መዞር ይጀምራል። ተገልብጦ «ማክስ፣ ዳማ» ከተባለ ግን የሚፈልገውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል ስላገኘ ሁለተኛውን የሚያዳምጥበት ምክንያት የለውም። «ዳማ» ሲባል አሮጌው ሳይከተል በራሱ ከዞረ በኋላ «ማክስ»ን ጨርሶ መተው ነው። በዚያ ቤት ጉዳዩ ከሳምንት ብዙም ያልራቀ ጊዜ ነው የፈጀው፤ ረጅም ጊዜ የወሰደው ልጆቹ አሮጌውን ስም እስኪረሱ ነው።

ከዚያም ሁለቱ በአንድ ላይ ቆመው አንዱ ሲጠራ የተጠራው ብቻ እንዲበላ ይደረጋል። ያልተጠራው ቢመጣ አይቆጡት፤ ምግብ ብቻ አይስጡት።

ስሙን እንዴት ላስተምረው?

በጸጥታ ክፍል ውስጥ፣ ከሁለት ሜትር በማይርቅ ቦታ ይጀምሩ። የጥፍር ያህል የሆኑ የተቀቀለ ሥጋ ቁራጮች ያዘጋጁ፤ ቤቱ በጾም ላይ ከሆነ የውሻ ደረቅ ምግብ ወይም ዳቦ ይሠራል። ውሻው ወደ ሌላ ቦታ ሲያይ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩ። ዓይኑ ወደ እርስዎ በዞረባት ቅጽበት «ጎበዝ» ብለው ይስጡት። በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ ዐሥር መጥራት በቂ ነው፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደገም። ከዚያ ወደ ግቢ ይውጡ፣ ርቀቱን ይጨምሩ፣ በመጨረሻም ሌላ ሰው ባለበት ይሞክሩ።

ካልዞረ ስሙን አይደጋግሙ። ሦስት ጊዜ ሲጠራ የቆየ ውሻ ስሙ «ዳማዳማዳማ» መሆኑን ይማራል። ይልቁንም ቀረብ ብለው በእጅዎ ጭንዎን መታ ያድርጉና ሲዞር ይሸልሙት፤ ቀጣዩን ሙከራ ደግሞ ያቅልሉለት።

በስሙ አይቆጡት። «ዳማ!» ብሎ ጮሆ መምታት ወይም ስሙን ጠርቶ ወደማይወደው ገላ መታጠብ መውሰድ ስሙን የመጥፎ ነገር ማስጠንቀቂያ ያደርገዋል። ለመከልከል «ተው» የሚለው ብቻውን ይበቃል። ስሙም ብቻውን «ና» ማለት አይደለም፤ ስሙ ያነቃዋል፣ «ና» ያንቀሳቅሰዋል።

እናቴ «ዳማዬ» ትለዋለች፣ ልጆቹ «ዳሚ»። ይጎዳል?

«ዳማዬ» አይጎዳም፤ የስሙ ሁለት ምት ሳይነካ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ነው የተጨመረው። «ዳማን ጥራው» ሲባልም እንዲሁ። «ዳሚ» ግን አናባቢውን ስለለወጠ ለውሻው ሌላ ቃል ሊሆንበት ይችላል። ቡችላው ስሙን እስኪይዝ ድረስ ልጆቹን በአንድ አጠራር ማጽናት ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የቁልምጫ ስም ቢጨመር ውሻ ከአንድ በላይ ስም መያዝ አያቅተውም።

የአጠራሩ ዜማ ለውጥ ያመጣል?

በእርግጥ ያመጣል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ማኮኔል በተለያዩ ቋንቋዎች የሚናገሩ እንስሳ አሠሪዎችን ድምፅ መዝግባ አንድ የጋራ ነገር አግኝታለች፦ እንስሳን ለማንቀሳቀስ አጫጭርና ተደጋጋሚ ድምፅ፣ ለማቆምና ለማረጋጋት ረጅምና ያልተቆራረጠ ድምፅ ይጠቀማሉ። ከዚያም ቡችላዎችን በፉጨት ስታሠለጥን አራት አጫጭር እየጨመሩ የሚሄዱ ድምፆች ከአንድ ረጅም እየወረደ ከሚሄድ ድምፅ ይበልጥ ቡችላዎቹን አንቀሳቅሰዋል።

በቤት ውስጥ ይህ ማለት፣ ውሻው እንዲመጣ ሲፈልጉ ስሙን አጠር አድርገው መጨረሻውን ከፍ ያድርጉ፤ በሩ ላይ እየጮኸ ሲያስቸግር ደግሞ ዝቅ ባለና በተሳበ ድምፅ ይጥሩት። የተናደደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው፤ ለሚጮህ ውሻ ፈጣንና ተደጋጋሚ ጩኸት ይጨምርለታል፣ ውሻውም ይብሳል።

ስሙን ማወቁን በምን ላረጋግጥ?

ውሻው ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ከስሙ ጋር እኩል ርዝመት ያላቸውን ሌሎች ቃላት በተመሳሳይ ድምፅ ይናገሩ፦ «ቡና»፣ ትንሽ ቆይተው «ቅቤ»፣ ቆይተው «በሶ»፣ በመጨረሻም «ዳማ»። ለመጀመሪያዎቹ ዝም ብሎ ለስሙ ከዞረ ያውቀዋል። ለሁሉም ከዞረ የሚያውቀው የእርስዎን ድምፅ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ትምህርት ይመለሱ። ለማንኛውም ካልዞረ ደግሞ ስሙ ያለ ምክንያት ብዙ ስለተጠራ ዋጋ አጥቶ ይሆናል።

ድመትስ?

በጃፓን አትሱኮ ሳይቶና ባልደረቦቿ በ2019 ባሳተሙት ጥናት በዚሁ መንገድ ፈትነዋል፦ በመጀመሪያ እኩል ርዝመት ያላቸው አራት ቃላት፣ ከዚያ ስሟ። የቤት ድመቶች ለስማቸው ጆሮአቸውንና ጭንቅላታቸውን አንቀሳቅሰዋል፤ ስሙን የማያውቁት ሰው ሲጠራውም ጭምር። ብዙ ድመቶች በአንድነት በሚኖሩበት የሻይ ቤት ውስጥ ያሉት ግን የራሳቸውን ስም ከጓደኞቻቸው ስም አልለዩም። እዚያ ደንበኛው የአንዷን ስም ሲጠራ ሌላዋም ትዳሰሳለች፣ ትሸለማለች፤ ስም ከባለቤቱ ጋር የሚያያዝበት ዕድል ጠባብ ነው። «ውሮ» ለሁሉም ድመት የሚሆን መጠሪያ ስለሆነ እንደ «ቡቺ» ነው፤ የራሷ ስም ይኑራት።

የእርሻ በሬና ፈረስ ላይም ይሠራል?

ይሠራል፤ ገበሬው አስቀድሞ ያውቀዋል። የበሬ ስም ብዙውን ጊዜ ከመልኩ ይወሰዳል፦ ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳልቻ፣ መጋል። ሁሉም ሁለት ምት ናቸው። በአንድ ቀንበር ሁለት በሬ ሲጠመድ ወደ ኋላ የሚቀረውን ብቻ በስሙ መጥራት ስለሚያስፈልግ ጥንዶቹ የተለያየ ስም ሊኖራቸው ይገባል፤ «ቡሬ»ና «ቦራ» በአንድ ቀንበር ከሚጠመዱ «ቡሬ»ና «ዳልቻ» ይሻላሉ።

የጦር ፈረሶችን ስም ያዩ እንደሆነ ደግሞ «አባ» የሚለውን ትተው ይቁጠሩ። የዐፄ ቴዎድሮስ ታጠቅ፣ የዐፄ ዮሐንስ በዝብዝ፣ የዐፄ ምኒልክ ዳኘው፣ የራስ አሉላ ነጋ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መላ። ሁሉም ሁለት ምት። ስሞቹ የባለቤቶቹም መጠሪያ ሆነው በፉከራና በሽለላ ስለሚጮሁ በጦር ሜዳ ጩኸት መካከል መሰማት ነበረባቸው።

የሸመገለው ውሻዬ ስሙን ስጠራው አይመልስም። ረስቶት ይሆን?

ከመርሳቱ በፊት ጆሮውን ይጠርጥሩ። ውሻ ሲያረጅ በአብዛኛው ቀድሞ የሚዳከመው ከፍተኛ ድምፆችን የመስማት ችሎታው ነው። ከኋላው ሆነው በመጀመሪያ በቀጭን፣ ቀጥሎ በወፍራም ድምፅ ስሙን ይጥሩ፤ እንዳያይዎትና የእግርዎ ንዝረት እንዳይደርሰው ይጠንቀቁ። ለወፍራሙ ብቻ ከዞረ ከዚያ ወዲያ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጥሩት። ለሁለቱም ካልዞረ የእንስሳት ሐኪም ጆሮውን ይመልከተው፤ የታመመ ወይም በቆሻሻ የተደፈነ ጆሮ በሕክምና ሊመለስ ይችላል። የእርጅና ከሆነ ደግሞ ስሙን ሲጠሩ አብረው እጅዎን ወደ ላይ ማንሣትን ገና ጥቂት በሚሰማበት ጊዜ ያስለምዱት፤ መስማቱ ጨርሶ ሲቆም የእጁ ምልክት የስሙን ቦታ ይይዛል።